የራስን ገንዘብ በወለድ መበደር

እስከ 2015 እ.ኤ.አ. ድረስ የናይጄሪያ ፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ገንዘባቸውን በየንግድ ባንኩ በከፈቷቸው በሺዎች የሚቆጠሩ ሂሳቦች ያስቀምጡ ነበር። መንግሥት በዕለቱ በእጁ ያለው ገንዘብ ስንት እንደሆነ ማወቅ የሚችለው እነዚህን ሁሉ ሲደምር ብቻ ነው፤ የሚደምራቸው ግን አልነበረም።

ጉዳቱን በምሳሌ እንየው። አንድ መሥሪያ ቤት ለሦስት ወር የማይነካው 40 ሚሊዮን ናይራ ባንክ ተቀምጦለታል እንበል። በዚያው ሳምንት የመንገድ ተቋራጭ ክፍያ ይደርሳል፣ ግምጃ ቤቱ ግን ባዶ ነው። መንግሥት የግምጃ ቤት ሰነድ ሸጦ 40 ሚሊዮን ይበደራል። ሰነዱን የሚገዛው ያው ባንክ ነው፤ የሚገዛውም በዚያው በተቀመጠው ገንዘብ። ወለዱ በዓመት 15 በመቶ ቢሆን፣ ሕዝቡ የገዛ ገንዘቡን ለሦስት ወር ለመጠቀም 1.5 ሚሊዮን ናይራ ከፈለ ማለት ነው። ይህ ያሳዝነኛል፤ ማንም ሳይሰርቅ የጠፋ ገንዘብ ነውና።

በ2015 ኦገስት ፕሬዚዳንት ሙሐመዱ ቡሃሪ የመሥሪያ ቤቶቹ ገንዘብ ሁሉ በማዕከላዊ ባንክ ወደሚገኝ ነጠላ የግምጃ ቤት ሂሳብ እንዲገባ አዘዙ። የተሰጠው ቀነ ገደብ ሴፕቴምበር 15 ነበር። ባንኮቹ ርካሽ ተቀማጭ ሊያጡ ስለነበር ነገሩ ቀላል አልሆነም። በ2016 ማዕከላዊ ባንኩ የመንግሥትን ነዳጅ ኩባንያ ዶላር አላስተላለፉም ያላቸውን ዘጠኝ ባንኮች ከውጭ ምንዛሪ ገበያ እስከማገድ ደርሷል።

በእኛም አገር ተመሳሳይ አሠራር አለ፤ ዜሮ ሚዛን ሂሳብ ይባላል። መሥሪያ ቤቱ የገንዘብ ፍላጎት ዕቅዱን ያቀርባል፣ ገንዘብ ሚኒስቴር የክፍያ ጣሪያ ይሰጠዋል። ባንኩ እስከ ጣሪያው ድረስ ይከፍልና የከፈለውን ብሔራዊ ባንክ ካለው የማዕከላዊ ግምጃ ቤት ሂሳብ ይተካል። በመሥሪያ ቤቱ ሂሳብ ውስጥ ቁጭ ብሎ የሚያድር ገንዘብ አይኖርም።

ሆኖም ይህ ሁሉ የሚቆጣጠረው ክፍያን እንጂ ውልን አይደለም። አንድ ኃላፊ በመስከረም የ30 ሚሊዮን ብር ውል ፈርሞ ጣሪያው 10 ሚሊዮን ቢሆን፣ ሂሳቡ ላይ ለወራት ምንም አይታይም። ተቋራጩ ሥራውን ጨርሶ ደረሰኝ ሲያመጣ ነው 20 ሚሊዮኑ ዕዳ ሆኖ የሚወጣው። ስለዚህ ውሉ በተፈረመ ዕለት ተመዝግቦ ከበጀቱ ላይ መያዝ አለበት።

ሌላው ማምለጫ ሰኔ ላይ ይመጣል። ያልወጣ በጀት ወደ ግምጃ ቤት እንዳይመለስ ተብሎ ዕቃው ሳይገባ ለአቅራቢ ቅድሚያ ክፍያ ይለቀቃል። ገንዘቡ ከሂሳቡ ስለወጣ ወጪው ሕጋዊ ይመስላል። የሚጋለጠው ኦዲተር መዝገቡን ሲገልጥ፣ ዓመታት ያስቆጠረ «ተሰብሳቢ» ሆኖ ተቀምጦ ሲያገኘው ነው።