«27» ብላ የመዘገበችው ስኳር 81 ሆኖ ተገኘ!

ወዳጄ ናት፤ ስሟን ተዉት። ለስላሳ ሳትጠጣ ውላ አታውቅም። ሰሞኑን «ስኳሬን መቁጠር ጀምሬያለሁ» ብላ ሞባይሏን ከፈተችልኝ። የጠርሙሱን ጽሑፍ ፎቶ አንስታ፣ ማስታወሻዋ ላይ «27 ግራም» ብላ መዝግባለች።

«የቀኑ ይኸው ነው። ምን አላት!» አለችኝ።

«ለመሆኑ ስንት ጠጣሽ?» አልኳት። ምሳ ላይ አንድ ጠርሙስ፣ ከሥራ ስትወጣ ደግሞ ግማሽ። ጠርሙሱ የግማሽ ሊትር ነው። ፎቶውን አጉልተን ስናየው ከ27 በላይ በደቃቅ ፊደል «ሰርቪንግ ሳይዝ 250 ሚሊ ሊትር» ይላል። አያችሁ? 27 ግራሙ የጠርሙሱ ሳይሆን የግማሹ ኖሯል! ሰርቪንግ ማለት ፋብሪካው ለአንድ ጊዜ ብሎ የሰፈረው መጠን እንጂ እኛ የምንጨልጠው አይደለም። እሷ የጠጣችው ሦስት ሰርቪንግ ነው። ሦስት ጊዜ 27፣ 81 ግራም። የሻይ ማንኪያው 4 ግራም ያህል ስለሚይዝ፣ ወደ 20 ማንኪያ መሆኑ ነው።

ልጅቷ ክው አለች። «ምናልባት ተሳስተህ ይሆናል» ብላ ተከራከረችኝ። ጥሩ፣ በሌላ መንገድ እንየው። ከጎኑ ያለው ዓምድ በ100 ሚሊ ሊትር ስንት እንዳለ ይናገራል። እሷ «108 ነው» ብላ አነበበችልኝ። መቶ ሚሊ ሊትር ውስጥ 108 ግራም ስኳር? ይሄማ ለስላሳ ሳይሆን የስኳር ከረጢት ነው! ጠርሙሱ ክብ ስለሆነ ብርሃን አንጸባርቆ ነጥቧን ውጧታል፤ ትክክሉ 10.8 ነው። የጠጣችው 750 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም ሰባት ተኩል መቶዎች። በ10.8 ሲባዛ ያው 81 ሆኖ ቁጭ! ሁለቱ መንገዶች ካልተስማሙ ግን ፎቶው ተሳስቷል ማለት ነውና ጠርሙሱን ዞር አድርጎ እንደገና ማንሳት ነው። ደግሞም የስኳሩ ቁጥር በላዩ ካለው ከጠቅላላው ካርቦሃይድሬት ከበለጠ፣ አንዱ በስህተት ተነቧል።

ታዲያ 81 ብዙ ነው? የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 ባወጣው መመሪያ፣ እንዲህ ያለው ስኳር ከቀኑ ካሎሪ ከ10 በመቶ በታች እንዲሆን ይመክራል። በቀን 2000 ካሎሪ ለሚመገብ ሰው 50 ግራም ገደማ ነው። ወተት ውስጥ በተፈጥሮው ያለው ስኳርና ያልተጨመቀ ፍራፍሬ ግን እዚህ ሂሳብ ውስጥ አይገቡም። ስለዚህ የእርጎ ጽሑፍ ላይ «ጠቅላላ ስኳር» የሚለውን እንዳለ መደመር ያለ ጥፋቱ ይከሰዋል። ጭማቂ ግን ስኳር ባይጨመርበትም ይቆጠራል።

ወዳጄ 27ቱን ሰርዛ 81 ጻፈች። ቀጥላም አስተናጋጁን ጠርታ ሻይ አዘዘች። ሁለት ማንኪያ ስኳር ጨምራ ስታማስል አየኋትና «እሱስ አይጻፍም?» አልኳት።

«ሻይ ደግሞ ምን ጽሑፍ አለው!» አለችኝ። ትንሽ አሰበችና ሞባይሏን መልሳ ከፈተች፤ 89።