ከሰብሳቢው ማን ዋስ ይጠይቃል?

በነጋዴዎች እቁብ እጣ የወጣለት ሰው ገንዘቡን ከማንሳቱ በፊት ዋስ ያቀርባል። ዋሱ ብዙ ጊዜ እጣው ገና ያልደረሰው ሌላ እቁብተኛ ወይም ሱቁና ንብረቱ የሚታወቅ ነጋዴ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ቀድሞ የደረሰው ሰው ቀሪውን እስኪከፍል ድረስ የሌሎቹ ተበዳሪ ነውና። የእቁብ ጥንቃቄ በሙሉ ገንዘብ ወስዶ መጣል የሚያቆመውን አባል ለመያዝ የተሠራ ነው።

ዳኛውን ግን ዋስ አምጣ የሚለው አልነበረም። ቤቱ፣ ሱቁና ዘመዶቹ ስለሚታወቁ ሰፈሩ ራሱ ዋሱ ነበር። ዛሬ በስልክ ብቻ የምናውቀው ሰው «እቁብ ጀምሬአለሁ፣ ግቡ» ሲለን ይኼ ዋስትና የለም። ሌላው ሥርዓት ሁሉ ያለ ስለሚመስል ግን መጉደሉን ሳናስተውል እንገባለን።

አጭበርባሪው የሚሠራበትን ስሌት በምሳሌ እንየው። 20 አባላት በየሳምንቱ 5,000 ብር ይጥላሉ ይባላል፤ የአንድ እጣ ልክ 100,000 ብር ነው። ከ20ዎቹ ግን 8ቱ በስም ብቻ ያሉ ናቸው፤ አንዱ ሰብሳቢው ራሱ ሲሆን ሌሎቹ ፈጠራ ናቸው። በእውነት የሚከፍሉት 12 ሰዎች ስለሆኑ በየሳምንቱ በሰብሳቢው እጅ የሚገባው 60,000 ብር ነው።

የመጀመሪያውን እጣ «የሰብሳቢ ነው» ብሎ ይወስዳል። በሁለተኛው ሳምንት እጣው ለፈጠራ ስም «ይወጣል»፤ በእጁ 120,000 ብር ሆነ። በሦስተኛው ሳምንት አንዲት እውነተኛ አባል ይደርሳታል፤ 100,000 ብሯን ሳይጎድል ይከፍላታል። ይህ ክፍያ ለእሱ ከማስታወቂያ ሁሉ ይበልጣል። ሴትየዋ በደስታ ለእህቷና ለጓደኛዋ ትናገራለች፤ እነሱም እሱ በጎን ወደሚከፍተው ሌላ እቁብ ይገባሉ። አራተኛውና አምስተኛው ሳምንት ለፈጠራ ስሞች፣ ስድስተኛው ለሌላ እውነተኛ አባል፣ ሰባተኛውና ስምንተኛው እንደገና ለፈጠራ ስሞች ይሄዳሉ። ከዚያ ስልኩ ይዘጋል።

እስከዚያ ድረስ 12ቱ ሰዎች 480,000 ብር ጥለዋል፤ ለሁለቱ የተከፈለው 200,000 ብር ነው። 280,000 ብር ይዞ ሄደ። አስሩ እያንዳንዳቸው 40,000 ብር ከስረዋል። የደረሳቸው ሁለቱ ደግሞ ከጣሉት በላይ 60,000 60,000 ብር በእጃቸው ቀርቷል። ይህ ብር ከአስሩ ኪስ የወጣ ነው። ስለዚህ ሰብሳቢው ከጠፋ በኋላ ጸቡ በተበዳዮቹ መካከል ይነሳል፤ ማንንም ያላታለሉት ሁለቱ ሰዎች የሌባ ተባባሪ ተብለው ይጠረጠራሉ። እኔን ከገንዘቡ ይልቅ የሚያሳዝነኝ ይህ ነው። ተሰብስበው ቢነጋገሩና ሁለቱ ያን 120,000 ብር ቢመልሱ የአስሩ ጉዳት ወደ 28,000 ብር ይወርድ ነበር። ግን አይተዋወቁም።

ማጭበርበሩ የሚቆመውም በዚህ አለመተዋወቅ ላይ ነው። አባላቱ ከተገናኙና ስልክ ለስልክ ከተደዋወሉ የፈጠራ ስም ሁለት ሳምንት አይቆይም። ስለዚህ ሰብሳቢው የአባላቱን ዝርዝር «ምስጢር ነው» ካለ፣ እጣውን ብቻውን አውጥቶ ውጤቱን ብቻ ከነገረን፣ የደረሰው ሰው ድምፁ ካልተሰማ፣ ወይም ገንዘብ የምንልክበት የባንክ ሒሳብ በማናውቀው ሰው ስም ከሆነ፣ ቀጣዩን ሳምንት አለመጣል ነው የሚሻለው። የጣሉትን ላለማጣት መቀጠል ኪሳራውን ያሳድገዋል።

አንድ ቀላል መከላከያ አለ። ገንዘቡ በሰብሳቢው በኩል አይለፍ። እጣው ሁሉም እያዩ ይውጣ፤ እያንዳንዱ አባልም ድርሻውን ለባለ እጣው ራሱ ይላክ። ሰብሳቢው መዝገብ ብቻ ይያዝ። ያኔ ይዞ የሚጠፋው ገንዘብ አይኖረውም። ይህ ግን የደረሰው ሰው መጣል እንዳያቆም አይከላከልም፤ ለእሱ የቀድሞው ዋስ አሁንም ያስፈልጋል። ዋስትናውም በጽሑፍ ይሁን፤ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1922 መሠረት ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛው የገንዘብ ልክ በውሉ ላይ ካልተገለጸ ዋስትናው አይጸናም።

በዓረብ አገር በሰው ቤት ለሚሠሩ እህቶቻችን ነገሩ ይከብዳል። ከቤት የሚወጡበት ቀን ጥቂት ስለሆነ ሰብሳቢዋን በአካል ሳያዩ ይጥላሉ፤ የመኖሪያ ፈቃድ የሌላት ደግሞ ብትዘረፍም ፖሊስ ጋ መሄድ ትፈራለች። ለእነሱ ከሰብሳቢዋ የሚጠየቀው ዋስ አገር ቤት ያለ፣ ቤተሰቦቻቸው ሄደው በአካል የሚያገኙት ሰው ቢሆን ይበጃል።

ገንዘቡ ከጠፋ በመጀመሪያው ሰዓት ለባንኩ ማሳወቅ ያስፈልጋል፤ ብሩ ከሒሳቡ ካልወጣ የመታገድ ዕድል አለው። ቀጥሎ የተላከበትን ደረሰኝና የመልእክት ልውውጡን ሳያጠፉ ለፖሊስ ማቅረብ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 692 አታላይነትን ይቀጣል። አስሩ በየግላቸው ከሚያመለክቱ አብረው ቢያመለክቱ ይሻላል፤ የሰባቱ ስሞች ፈጠራነት የሚታየው የሁሉም ደረሰኝ ጎን ለጎን ሲቀመጥ ነውና።