የሸክላ ድምፅ በሦስት መታጠፊያ

የሸክላ ማጫወቻን ከተራ አምፕሊፋየር ጋር በቀጥታ ያገናኘ ሰው የሚሰማው ድምፅ ቀጭንና ሹል ነው፤ ቤዙ የለም። ሸክላው ተበላሽቶ አይደለም፣ ሲቀረጽ ሆን ተብሎ እንዲያ ተደርጎ ነው። ወፍራሙ ድምፅ እንዳለ ቢቀረጽ መርፌው የሚሄድበት ቦይ ወዲያና ወዲህ እየተወላገደ ጎረቤቱን ቦይ ይነካ ነበርና ይቀነሳል። ቀጭኑ ድምፅ ደግሞ የፕላስቲኩን ሽሽታ እንዲያሸንፍ ከፍ ይደረጋል። ማጫወቻው ይህን መገልበጥ አለበት። በምን ያህል እንደሚገለብጥ የአሜሪካ የሸክላ አሳታሚዎች ማኅበር በ1954 እ.ኤ.አ. ባወጣው ደንብ ተወስኗል፤ ደንቡም በአንድ መስመር ይጻፋል፦

```
H(s) = (1 + s·318µs) / ((1 + s·3180µs)(1 + s·75µs))
```

ይህን መስመር አይቶ ድምፁ የት እንደሚወርድ መናገር ከባድ ይመስላል። የቤል ላቦራቶሪው ሄንድሪክ ቦዴ በ1930ዎቹ ያመጣው ዘዴ ግን እርሳስና ማስመሪያ ብቻ ይፈልጋል።

መነሻው ቀላል ነው። አንዱን ቅንፍ፣ 1 + s·3180µs የሚለውን፣ ብቻውን እንመልከት። ድግግሞሹ ዝቅተኛ ሲሆን የ s ክፍል ኢምንት ስለሆነ 1 ብቻ ይቀራል፤ ምንም አይለወጥም። ድግግሞሹ ሲበዛ ደግሞ 1 ይረሳና ቅንፉ ከድግግሞሹ ጋር እኩል ያድጋል፤ ድግግሞሹ አሥር እጥፍ ሲሆን እሱም አሥር እጥፍ ይሆናል። አሥር እጥፍ በዴሲቤል 20 ነው። ስለዚህ በሎጋሪዝም ወረቀት ላይ ሁለት ቀጥ ያሉ መስመሮች ይወጣሉ፦ ሜዳ፣ ከዚያ በአሥር እጥፍ 20 ዴሲቤል የሚሄድ ዳገት ወይም ቁልቁለት። ቅንፉ ከታች፣ በአካፋዩ ውስጥ ካለ ፖል ይባላል፤ ቁልቁለት ይጀምራል። ከላይ ካለ ዜሮ ነው፤ ዳገት ይጨምራል። ሎጋሪዝም ማባዛትን ወደ መደመር ስለሚለውጥ ቅንፎቹን አንድ በአንድ ደምሮ መሄድ ይበቃል።

መታጠፊያው የት ነው? 1ን ለጊዜው ማካፈል ነው። 1 ለ3180 ማይክሮሰከንድ ሲካፈል 314 ይመጣል፤ ይህ ግን በራዲያን ነው፤ ለ2π ሲካፈል 50 ሄርዝ ይሆናል። በዚሁ መንገድ ዜሮው 500 ሄርዝ ላይ፣ ሁለተኛው ፖል 2122 ሄርዝ ላይ ይቀመጣል።

አሁን እንሳል። ከግራ በ0 ዴሲቤል ሜዳውን እንጀምራለን። 50 ላይ ስንደርስ የመጀመሪያው ፖል ቁልቁለቱን ይከፍታል፤ 500 የ50 አሥር እጥፍ ስለሆነ እዚያ ስንደርስ 20 ወርደናል። እዚህ ዜሮው የራሱን ዳገት ሲጨምር ሁለቱ ይጣፋሉና መስመሩ እንደገና ሜዳ ይሆናል። 2122 ላይ ሁለተኛው ፖል ዳግም ያወርደናል። 20 ሺህ ሄርዝ ከ2122 ዘጠኝ እጥፍ ተኩል ገደማ ስለሆነ እዚያ ላይ ወደ 39.5 ዴሲቤል ወርደን እናገኛለን። በካልኩሌተር በትክክል ቢሰላም የሚመጣው ያው ቁጥር ነው።

ስህተቱ የሚበዛው መታጠፊያዎቹ ላይ ነው። እውነተኛው ጠመዝማዛ ጥግ የለውም፤ ጥጉን በ3 ዴሲቤል ያህል ያልፈዋል፤ በእጥፍና በግማሽ ርቀት ልዩነቱ ወደ 1 ይወርዳል። 50 ላይ መስመራችን 0 ሲል እውነቱ 3 ዝቅ ይላል። እኔን ሁልጊዜ የሚያስደስተኝ ግን 1000 ሄርዝ ነው። ነጥቡ ከዜሮው በእጥፍ ይርቃል፣ ለሁለተኛው ፖል ደግሞ ግማሹ ገደማ ነው፤ አንዱ 1 ሲጨምር ሌላው ወደ 1 ይቀንሳል። መስመራችን 20 ዝቅ ያለበት ላይ እውነቱ 19.9 ነው። የታተሙ ሠንጠረዦች ይህን ነጥብ 0 ብለው ይነሳሉ፤ ሥዕሉን ሁሉ በ20 ወደ ላይ መግፋት ነው እንጂ ቅርጹ አይነካም።

ዘዴው የማያየው ነገርም አለ። የመርፌው ክንድ ራሱ 10 ሄርዝ አካባቢ እንደ ምንጭ ሽቦ ይወዛወዛል። ይህ የሚመጣው ከተጣመሩ ውስብስብ ፖሎች ነው፤ መርገቢያቸው 0.1 ብቻ ከሆነ መታጠፊያው ላይ 14 ዴሲቤል የሚደርስ ጉብታ ይነሳል፣ ቀጥ ያለው መስመር ግን ዝም ብሎ ያልፈዋል። እንዲህ ያለ ጥንድ ሲያጋጥም ጉብታውን ለብቻ አስልቶ በእጅ መጨመር ግድ ነው።

ሥዕሉን ራሳችሁ ስትሞክሩ 1000 ሄርዝ ላይ ከመነሻው 20 ገደማ ካልወረዳችሁ መጀመሪያ የምትጠረጥሩት 2π መረሳቱን ይሁን፤ ያኔ የመጀመሪያው መታጠፊያ በ50 ፈንታ 314 ላይ ተቀምጦ ታገኙታላችሁ።