ከፒችትሪ ወደ ኦዱ፦ የደንበኞች መዝገብ ሲዛወር

በኢትዮጵያ የንግድ ቤቶች ሒሳብ ክፍል ውስጥ ፒችትሪን የማያውቅ ሒሳብ ሠራተኛ ማግኘት ያስቸግራል። አምራቹ ኩባንያ ሴጅ ከ2012 እ.ኤ.አ. ወዲህ ስሙን ሴጅ 50 ብሎ ቢለውጠውም፣ እዚህ ግን ዛሬም ፒችትሪ ነው። አንድ ድርጅት ይህን ፕሮግራም ትቶ እንደ ኦዱ ወዳለ በኢንተርኔት በኩል ወደሚሠራ ሥርዓት ሲሸጋገር፣ ሽያጭ ክፍሉም ሒሳብ ክፍሉም በመጀመሪያው ቀን የሚጠይቁት ደንበኞቻቸውን ነው፦ እነማን እንደሆኑ፣ ምን ያህል እንደሚፈለግባቸውና መቼ መክፈል እንዳለባቸው።

የሚዛወረው መዝገብ ሁለት ነው። አንደኛው የደንበኞች ዝርዝር ሲሆን ስም፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ ስልክና አድራሻ ይይዛል። ሁለተኛው ገና ያልተከፈሉ የዱቤ ሽያጮች ዝርዝር ነው። ተከፍለው ያለቁ የዓመታት ደረሰኞችን ሁሉ አብሮ ለማምጣት የሚመኝ ብዙ ነው፤ ትርፉ ግን ከድካሙ ያንሳል። ያለቀ ሒሳብ በአሮጌው ፕሮግራም ውስጥ ሊቀመጥና ሲያስፈልግ ሊታይ ይችላል።

የመሸጋገሪያው ቀን ቀድሞ ይወሰናል። የበጀት ዓመታቸውን ሐምሌ 1 ለሚጀምሩ ድርጅቶች ከዚህ የተሻለ ቀን የለም፤ እስከ ሰኔ 30 ያለው ሁሉ በአሮጌው ይዘጋል፣ ከሐምሌ 1 ጀምሮ ያለው ሁሉ በአዲሱ ይመዘገባል። ቀኑ በግልጽ ካልተቆረጠ አንዱ ሽያጭ በሁለቱም ፕሮግራሞች ይገባል፣ ሌላው በአንዱም ሳይገባ ይቀራል።

ጽዳቱ የሚጀምረው መረጃው ከፒችትሪ ከመውጣቱ በፊት ነው። በተሰብሳቢ ሒሳብ ዝርዝር ውስጥ የትናንሽ ቀሪዎች ክምር መታየቱ የተለመደ ሲሆን፣ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ተቀናሽ ግብር ነው። ተቀናሹ 2 በመቶ በነበረበት ጊዜ፣ ከቫት በፊት 50,000 ብር የሆነ ዕቃ የገዛ ድርጅት 1,000 ብር ቀንሶ ይከፍላል፤ ለተቀነሰውም ደረሰኝ ይሰጣል። ሒሳብ ሠራተኛው ያን ደረሰኝ ካልመዘገበው 1,000 ብሩ በደንበኛው ስም ዕዳ ሆኖ ይቀመጣል። እንዲህ ያሉ ቀሪዎች ሳይጠሩ ከተዛወሩ፣ አዲሱ ሥርዓት የከፈሉ ደንበኞችን እንዳልከፈሉ እየቆጠረ ማስታወሻ ይልክባቸዋል። ገንዘቡ ገብቶ ከየትኛው ሽያጭ ጋር እንደሚያያዝ ያልተገለጸ ክፍያም እዚያው አሮጌው ላይ መያያዝ አለበት።

ከዚያ በኋላ ዝርዝሩ ይወጣል። በፒችትሪ “File” ከሚለው ሥር “Select Import/Export” ተመርጦ፣ ከ“Accounts Receivable” ውስጥ “Customer List” ይወሰዳል። የሚፈለጉት ዓምዶች ምልክት ሲደረግባቸው ርዕሳቸውም አብሮ እንዲወጣ መታዘዝ አለበት፤ ያለ ርዕስ የወጣ ፋይል የትኛው ቁጥር ስልክ፣ የትኛው የግብር ቁጥር እንደሆነ አያሳይም። የሚገኘው ፋይል ሲኤስቪ ነው፤ ይኸውም እያንዳንዱ ደንበኛ በአንድ መስመር፣ መረጃዎቹም በኮማ ተለያይተው የተጻፉበት ተራ ጽሑፍ ነው። ያልተከፈሉ ሽያጮች የሚገኙት ደግሞ “Aged Receivables” ከሚለው ሪፖርት ነው። ይህ ሪፖርት በመሸጋገሪያው ቀን ታትሞ ይቀመጣል፤ ኋላ ዳኛው እሱ ነውና።

አብዛኛው ጉዳት የሚደርሰው ከሁለቱ ፕሮግራሞች በአንዱም ሳይሆን በመካከል ባለው ኤክሴል ላይ ነው። የኢትዮጵያ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር አሥር አሃዝ ሲሆን ብዙዎቹ በዜሮ ይጀምራሉ። ሲኤስቪ ፋይሉ በሁለት ጠቅታ በኤክሴል ሲከፈት ፕሮግራሙ ዓምዱን እንደ ተራ ቁጥር ያየዋል፤ 0012345678 የነበረው 12345678 ይሆናል። 0 የሚቀድመው ስልክ ቁጥርም ዜሮውን ያጣል። በ251 የተጻፈ ስልክ ደግሞ አሥራ ሁለት አሃዝ ስለሆነ 2.51911E+11 ወደሚመስል ነገር ይለወጣል፤ ፋይሉ በዚያ መልኩ ሲኤስቪ ሆኖ ከተቀመጠ የመጨረሻዎቹ አሃዞች ጠፍተዋል፣ በምንም ቀመር አይመለሱም።

መከላከያው ፋይሉን በቀጥታ አለመክፈት ነው። ባዶ ኤክሴል ተከፍቶ፣ “Data” ከሚለው ውስጥ “From Text/CSV” ተመርጦ፣ የግብር ቁጥርና የስልክ ዓምዶች ከመጫናቸው በፊት ዓይነታቸው ጽሑፍ እንዲሆን ይደረጋል። ዜሮው አስቀድሞ ከጠፋ ይህ ቀመር አሥር አሃዙን ይሞላል፦

```
=RIGHT("0000000000"&C2,10)
```

ይህ መድኃኒት ግን በጭፍን አይወሰድም። ዘጠኝ አሃዝ ያለው ቁጥር ዜሮው የወደቀበት ሊሆን ይችላል፣ ከመጀመሪያው ሲተየብ አንድ አሃዝ የተዘለለበትም ሊሆን ይችላል፤ ቀመሩ ሁለቱን አይለይም። ስለዚህ መጀመሪያ ከፒችትሪ የወጣው ያልተነካ ፋይል በኖትፓድ ይታያል። እዚያም ዘጠኝ ከሆነ ስህተቱ የሰው ነው፤ ትክክለኛው ቁጥር ከደንበኛው የምዝገባ ወረቀት ይፈለጋል።

ቀንም እንዲሁ ያሳስታል። ፒችትሪ በአሜሪካ ልማድ ወርን አስቀድሞ ሲጽፍ፣ ብዙ ኮምፒውተሮች ግን ቀንን በሚያስቀድም ሥርዓት የተስተካከሉ ናቸው። 6/5/2025 ጁን 5 መሆኑ ቀርቶ ሜይ 6 ተብሎ ይነበባል፤ የመክፈያ ጊዜው ገና የሆነ ደንበኛም በአንድ ወር የዘገየ ይመስላል። 6/25/2025 ደግሞ 25ኛ ወር ስለሌለ ጭራሽ ቀን ሳይሆን ጽሑፍ ሆኖ ይቀራል። የሚታወቀውም በዚሁ ነው፦ በአንድ የቀን ዓምድ ውስጥ አንዳንዱ ወደ ቀኝ፣ አንዳንዱ ወደ ግራ ተጠግቶ ከታየ ወሩና ቀኑ ተምታቷል። ቀኖቹ ሁሉ ዓመት አስቀድሞ፣ ለምሳሌ 2025-06-05 ተብለው ቢጻፉ ጥርጣሬው ይወገዳል።

የተደጋገሙ ደንበኞችን መለየት ከሁሉ በላይ የሰው ዓይን ይጠይቃል። በፒችትሪ ስሞች የሚጻፉት በላቲን ፊደል በመሆኑ ፀሐይ የተባለ አንድ ሱቅ በአንዱ ሠራተኛ Tsehay፣ በሌላው Tsehai፣ በሦስተኛው Sehay ሆኖ ሦስት ጊዜ ይመዘገባል። ስም በስም ማነጻጸር እዚህ አይሠራም፤ የሚያገናኘው የግብር ቁጥሩ ነው። ስሞቹ በአማርኛ የሚተየቡ ከሆነም ፀሐይ፣ ጸሐይና ፀሀይ ለኮምፒውተር የተለያዩ ቃላት ስለሆኑ አንድ አጻጻፍ ተመርጦ ይጸናል። አማርኛ ያለበት ፋይል ሲቀመጥ ከኤክሴል ምርጫዎች ውስጥ “CSV UTF-8” የሚለው መወሰድ አለበት፤ በተራው ሲኤስቪ ከተቀመጠ ፊደሉ ሁሉ ጥያቄ ምልክት ይሆናል።

ለምሳሌ 640 ደንበኛ የተመዘገበበት የጽሕፈት መሣሪያ አከፋፋይ ይታሰብ። በግብር ቁጥር ሲደረደሩ 42ቱ የሌሎች ድጋሚ ሆነው ከተገኙ፣ የሚቀሩት 598 ናቸው። 42ቱ ግን ዝም ተብለው አይሰረዙም። የአሮጌ መለያቸው ከየትኛው ደንበኛ ጋር እንደተዋሐደ የሚያሳይ ባለ ሁለት ዓምድ ሰንጠረዥ ይዘጋጃል፤ ያልተከፈለ ሽያጭ በተሰረዘው መለያ ተመዝግቦ ቢሆን ባለቤቱን የሚያገኘው በዚህ ሰንጠረዥ ብቻ ነው።

ኦዱ ለሚገባው እያንዳንዱ ረድፍ የውጭ መለያ የሚሆን ዓምድ ይቀበላል። የፒችትሪው የደንበኛ መለያ እዚህ ይገባል፦

```
id,name,vat,phone
cust_P014,ናሙና ንግድ,0012345678,+251110000000
```

ይህ “id” የተባለ ዓምድ ሊተው የማይገባው ነው። ፋይሉ ስህተት ተገኝቶበት እንደገና ቢጫን፣ ኦዱ በመለያው አይቶ የነበረውን ያርማል፤ መለያ ከሌለ ግን 598ቱን ደንበኞች እንደ አዲስ ጨምሮ 1,196 ያደርጋቸዋል። ከመጫኑ በፊት “Test” የሚለው ቁልፍ ሲነካ ፕሮግራሙ ምንም ሳያስገባ ችግር ያለባቸውን ረድፎች ያሳያል። ይሁንና የሚፈትሸው የመረጃውን ቅርጽ ነው፤ የአንዱ ስልክ በሌላው ስም መግባቱን አያውቅም።

ያልተከፈሉት ሽያጮች ሲገቡ አንድ ከባድ ስህተት ይጠብቃል። እንደ አዲስ የሽያጭ ደረሰኝ ከገቡ፣ ባለፈው ዓመት የተቆጠረው ገቢ ዘንድሮም ይቆጠራል፤ ለግብር ሰብሳቢው የተገለጸው ቫትም ዳግመኛ ይመጣል። ስለዚህ የሚገቡት እንደ መነሻ ሒሳብ ነው፦ በአንድ በኩል ተሰብሳቢ ሒሳብ፣ በሌላ በኩል ለመሸጋገሪያ ብቻ የተከፈተ ሒሳብ፣ ያለ ምንም ግብር። የደንበኛው ዕዳ በአንድ ድምር አይጠቃለልም። እያንዳንዱ ሽያጭ ከነቁጥሩና ከነመክፈያ ቀኑ በየራሱ መስመር ይገባል፤ አለዚያ የሦስት ወር ዕዳና የትናንት ዕዳ አይለዩም።

ከዚያ የታተመው ሪፖርት ከኦዱው ተሰብሳቢ ሪፖርት ጎን ይቀመጣል። የአከፋፋዩ ጠቅላላ ተሰብሳቢ 2,300,000 ብር ነበር ቢባል፣ ልዩነቱ ራሱ ምክንያቱን ይናገራል። አዲሱ 2,645,000 ካሳየ፣ ይህ የመጀመሪያው በ1.15 ሲባዛ የሚገኝ ነው፤ ቫት በላዩ ላይ ዳግመኛ ተደምሯል። 2,380,000 ካሳየ ልዩነቱ 80,000 ነው፤ ይህ ለሁለት ተከፍሎ 40,000 ብር ቅድሚያ የከፈለ ደንበኛ ይፈለጋል፣ የመቀነስ ምልክቱ ወድቆ ቅድሚያ ክፍያው ዕዳ ሆኗልና። ልዩነቱ 40,000 ብቻ ቢሆን ኖሮ የቅድሚያ ክፍያው ረድፍ ጭራሽ አልገባም ማለት ነበር።

ድምሩ ቢገጥምም ሥራው አላለቀም፤ ሁለት ስህተቶች ተጣፍተው ሊሆን ይችላል። የዕድሜ ዓምዶቹ፣ ማለትም እስከ 30 ቀን፣ እስከ 60 ቀንና ከዚያ በላይ የቆዩት፣ እያንዳንዳቸው ከአሮጌው ጋር መግጠም አለባቸው። ድምሩ ገጥሞ ዕድሜው ካልገጠመ ችግሩ ከቀኖቹ ዘንድ ነው። የሽያጭ ገቢ ሒሳብም በሐምሌ 1 ጠዋት ዜሮ ሆኖ መታየት አለበት። በመጨረሻም ትልቅ ዕዳ ካለባቸው ደንበኞች ጥቂቱ ተመርጠው መዝገባቸው ከወረቀቱ ጋር ቁጥር በቁጥር ይመሳከራል።

ፒችትሪው ከዚህ በኋላ ማንም አዲስ ነገር እንዳይመዘግብበት የተጠቃሚዎች ፈቃድ ወደ ማየት ብቻ ይወርዳል፤ የድርጅቱ ፋይልም ከነመጠባበቂያ ቅጂው፣ ሊከፍተው ከሚችል ኮምፒውተርና የይለፍ ቃል ጋር ይቀመጣል። የግብር መርማሪ ካለፉት ዓመታት አንዱን ሽያጭ ቢጠይቅ መልሱ ያለው እዚያ ብቻ ነው።