ሰኔ 30 ላይ የቀረው ቆርቆሮ ስንት ያወጣል?

የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ውስጥ የተደረደረ ባለ 32 ጌጅ ቆርቆሮ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። አንዱ በ600 ብር፣ ሌላው በ720 ብር ቢገዛም ከተደባለቀ በኋላ መለየት አይቻልም። ሰኔ 30 ቆጠራ ሲደረግ ግን ለቀሪው ዋጋ መስጠት ግድ ነው። የተመዘነ አማካይ ዋጋ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው።

ለስሌቱ እንዲመች የሚከተለውን እንውሰድ። ሐምሌ 1 ሱቁ ውስጥ በ600 ብር ሂሳብ 100 ቆርቆሮ ነበር፤ ድምሩ 60,000 ብር ነው። ጥቅምት ላይ 50 ቆርቆሮ በ33,000 ብር ገባ። የካቲት ላይ ደግሞ 250 ተገዛ። የዚህኛው ደረሰኝ ከተጨማሪ እሴት ታክስ በፊት 175,000 ብር ይላል፤ እስከ ሱቅ ለማድረስ 5,000 ብር ለመኪናና ለጫኝ ተከፍሏል። ዕቃውን ሱቅ ያደረሰው ወጪ የዕቃው ዋጋ አካል ስለሆነ 180,000 ብር ብለን እንይዛለን። 15 በመቶው ታክስ ግን ነጋዴው ለታክሱ ተመዝግቦ የሚያቀናንሰው ከሆነ አይጨመርም። ያልተመዘገበና የማያቀናንስ ነጋዴ ግን ታክሱንም በዋጋው ውስጥ ይይዛል።

እንግዲህ በጠቅላላው 400 ቆርቆሮ በ273,000 ብር ገብቷል። ብሩን ለብዛቱ ስናካፍል አንዱ 682.50 ብር ይሆናል። በቆጠራ 120 ከተገኘ የቀሪው ዋጋ 81,900 ብር፣ የወጣው 280 ደግሞ 191,100 ብር ነው።

ብዙ ሱቅ ውስጥ የማየው ስህተት ሦስቱን ዋጋዎች፣ 600ን፣ 660ንና 720ን ደምሮ ለሦስት ማካፈል ነው። ውጤቱ 660 ብር ነው፤ የሚያሳምንም ይመስላል። ነገር ግን 50 ቆርቆሮ የመጣበትን ደረሰኝ 250 ከመጣበት ጋር እኩል አድርጎታል። በዚህ አማካይ ቀሪው 79,200፣ የወጣው 184,800 ብር ይሆናል፤ ሁለቱ ሲደመሩ 264,000 ብር ብቻ ነው። ለግዢ የወጣ 9,000 ብር የትም አልተመዘገበም ማለት ነው። ስለዚህ የቀሪውና የወጣው ድምር ከጠቅላላው የግዢ ዋጋ ጋር እኩል መምጣቱን ሳያዩ መዝገቡን አይዝጉ። የሳንቲም ልዩነት ከማጠጋጋት ሊመጣ ይችላል፤ የሺዎች ልዩነት ግን የስሌት ስህተት ነው።

መዝገቡ 120 እያለ በቆጠራ 118 ብቻ ቢገኝ አማካዩ አይነካም፤ የሁለቱ ዋጋ 1,365 ብር ጉድለት ተብሎ ለብቻው ይጻፋል። ለአቅራቢው የተመለሰ ዕቃ ካለም ከብዛቱም ከብሩም በተገዛበት ዋጋ ተቀንሶ ነው የሚካፈለው። ባለ 28 ጌጁ ወፈር ያለና ዋጋውም የተለየ ስለሆነ ከባለ 32ቱ ጋር አይደባለቅም፤ የራሱ አማካይ ይወጣለታል።

አማካዩ የተገዛበትን እንጂ አሁን የሚሸጥበትን ዋጋ አያሳይም። ገበያው ወርዶ ቆርቆሮው ከመሸጫ ወጪ በኋላ 650 ብር ብቻ የሚያስገኝ ከሆነ፣ ዓለም አቀፉ የሂሳብ ደረጃ ከሁለቱ አነስተኛው እንዲያዝ ያዛል። ስለዚህ 120ው ቆርቆሮ በ78,000 ብር ይመዘገባል፤ የ3,900 ብሩ ልዩነትም የዚያው ዓመት ኪሳራ ሆኖ ይያዛል።