ጥቁሩ ወንበር ዳሪሙ ሲደርስ

የቢሮ ዕቃ ግዥ ወጥቶ ከአዲስ አበባ ወደ ኢሉባቦር የሚጫነው ወንበር አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ጥቁር፣ ጀርባው ረጅም፣ ስፖንጁ ወፍራም፣ ክንድ ማስደገፊያው የሚያብረቀርቅ። ነጋዴዎች «የማናጀር ወንበር» ይሉታል። 600 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ መቱ ይገባል፤ ከዚያም እንደ ዳሪሙ ላሉ ወረዳዎች ይከፋፈላል። ላስቲኩ ሲገፈፍ ሁሉም ይወደዋል። ጥቂት ክረምቶች ካለፉበት በኋላ ግን መቀመጫው እንደ ባሕር ዛፍ ግንድ ይላጣል፣ ከሥሩ ነጭ ጨርቅ ብቅ ይላል፣ የተቀመጠበትም ሰው ሱሪው ላይ ጥቁር ፍርፋሪ ይዞ ይነሣል።

ወንበር የሚጠግን ባለሙያ እንዲህ ያለውን ወንበር ፊቱን አያየውም፤ ገልብጦ ነው የሚመረምረው። ጥሩውና መጥፎው የሚለየው ከሥር ነው። ወንበር ሊገዛ የተነሣ ሰውም ሱቅ ውስጥ ይህን ከማድረግ የሚከለክለው የለም። ከዚያ በፊት ግን ቢሮ ውስጥ የሚያልቅ አንድ ሥራ አለ፤ ሜትር ይዞ ጠረጴዛውንና ሰውየውን መለካት።

ቁመቷ 1 ሜትር ከ58 የሆነች፣ በቀን ስምንት ሰዓት ኮምፒውተር ላይ የምትውል የሒሳብ ሠራተኛን እንውሰድ። ጫማዋን አድርጋ ከወለሉ እስከ ቋንጃዋ 42 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ተቀምጣ ክንዷን ወደ ታች ስትለቅና ክርኗን ስታጥፍ ደግሞ ከመቀመጫው እስከ ክርኗ 23 ሴንቲ ሜትር አለ። ሁለቱ ሲደመሩ 65 ይመጣሉ። ለእሷ የሚስማማው የጠረጴዛ ከፍታ ይህ ነው ማለት ነው። አናጺው የሠራላት የዋንዛ ጠረጴዛ ግን 76 ነው፤ ምክንያቱም ሲሠራ የታሰበው ለመጻፍና ለመፈረም እንጂ ቀኑን ሙሉ ለመተየብ አይደለም።

እንግዲህ ክርኗ ከጠረጴዛው እኩል እንዲሆን መቀመጫው 53 ሴንቲ ሜትር ላይ መድረስ አለበት። ያን ጊዜ እግሯ በ11 ሴንቲ ሜትር ከወለሉ ይንጠለጠላል፤ የመቀመጫው ጠርዝም ጭኗን ከሥር ይጫነዋል፣ ከሰዓት በኋላ እግሯ ይደነዝዛል። ወንበሩን ዝቅ ካደረገችው ደግሞ ትከሻዋን ሽቅብ ሰቅላ ትተይባለች፤ ማታ አንገቷን እያሸች የምትገባው በዚህ ምክንያት ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ወንበሩን ይወቅሳል። ወንበሩ ግን የቱንም ያህል ውድ ቢሆን የጠረጴዛውን 11 ሴንቲ ሜትር ሊያጠፋው አይችልም። መፍትሔው ያለው እዚያው ሰፈር አናጺው ጋ ነው፤ ወይ የጠረጴዛውን እግር መቁረጥ፣ ወይ 11 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ሰፊ የእግር ማሳረፊያ ማሠራት። የሁለቱም ወጪ ከወንበሩ ዋጋ ጋር አይወዳደርም።

ጠረጴዛው ከተስተካከለ በኋላ የወንበሩ ተራ ይመጣል። ከፍታው የሚስተካከል መሆኑ ብቻውን ወሬ አይደለም፤ ሁሉም ተሽከርካሪ ወንበር ይህ አለው። መጠየቅ ያለበት ከየት እስከ የት ነው የሚለው ነው። ዝቅተኛው ከፍታ 45 ወይም 46 የሆነ ወንበር አጭር ሰው ሲቀመጥበት መጨረሻው ድረስ ወርዶም እግሩን አያስረግጠውም።

ከከፍታ የባሰው ግን የመቀመጫው ጥልቀት ነው፤ የሚያየውም የለም። የማናጀር ወንበር ጥልቀቱ ብዙ ጊዜ 50 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። የሒሳብ ሠራተኛዋ ከጀርባዋ እስከ ቋንጃዋ 45 ነው ያላት። ጀርባዋን ላስደግፍ ብትል የመቀመጫው ጫፍ ቋንጃዋን ይወጋታል፤ ስለዚህ ወደ ጫፉ ወጥታ ትቀመጣለች። ያ ሁሉ የተከፈለበት የጀርባ መደገፊያ ቀኑን ሙሉ ባዶውን ይውላል። ጀርባ ተደግፎ ሲቀመጡ በመቀመጫው ጫፍና በቋንጃው መሃል ሦስት አራት ጣት መግባት አለበት፤ ሱቅ ውስጥ ተቀምጦ ለማረጋገጥ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ብዙ ሰው የሚፈራረቅበት ወንበር ከሆነ መቀመጫው ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚንሸራተት ቢገኝ ተጨማሪ ገንዘብ ቢከፈልበትም ያዋጣል። ክንድ ማስደገፊያውም ከፍ ዝቅ የማይል ከሆነ ከጠረጴዛው መሳቢያ ጋር እየተጋጨ ሰውን ከሥራው ያርቀዋል፤ እንዲህ ያለውን ብሎኑን ፈትቶ ማውለቅ ይሻላል።

አሁን ወንበሩ ይገልበጥ። መጀመሪያ የሚታየው መቀመጫው የታሰረበት ጣውላ ነው። ኮምፔንሳቶ ከሆነ በጠርዙ ላይ ንብርብሩ ይታያል። ቺፕቦርድ ከሆነ የተጨመቀ ፍርፋሪ ነው። ደረቅ አገር ላይ ልዩነቱ ቶሎ አይታወቅ ይሆናል። ኢሉባቦር ግን ሌላ ነገር ነው፤ ጎሬ ከአገሪቱ ዝናብ ከሚበዛባቸው ከተሞች አንዷ ናት፣ መቱና ዳሪሙም ከዚያው ደመና ሥር ናቸው። ቺፕቦርድ እርጥበት ይስባል፣ ያብጣል፣ ብሎን የያዘው ቀዳዳ ይሰፋል። ወንበሩ መወዛወዝ ሲጀምር ሰው ብሎኑን ያጠብቃል፤ በማግስቱ ተመልሶ ይላላል። ብሎኑ የሚይዘው እንጨት አልቋል።

የልጣጩም ነገር ከዚሁ እርጥበት ጋር የተያያዘ ነው። ሻጩ «ሌዘር» የሚለው አብዛኛውን ጊዜ ጨርቅ ላይ የተቀባ ስስ ፖሊዩሪቴን ነው። የዚህ ቁስ ርካሹ ዓይነት ውኃን ከአየር እየወሰደ ከውስጥ ይበታተናል፤ ሙቀትና የሰው ላብ ሲጨመርበት ደግሞ ይፋጠናል። ያልተቀመጡበት እንኳ ስቶር ውስጥ ሆኖ ሊላጥ ይችላል። ቅባት ቢቀቡት፣ በጨርቅ ቢያሹት የሚመለስ ነገር የለም። በዚያ ላይ «እውነተኛ ቆዳ» ተብሎ የሚሸጠውም ብዙ ጊዜ ቆዳ የሚሆነው ሰው የሚነካው ፊት ብቻ ነው፤ ጎንና ጀርባው ያው ፖሊዩሪቴን ነው። ገልብጦ በስቴፕል የተመታውን ጠርዝ ማየት ነው፤ ከውስጥ በኩል የተሸመነ ጨርቅ ከታየ ቆዳ አይደለም፤ የሻከረ የቆዳ ሥጋ ከታየ ቆዳ ነው። ቆዳውም ቢሆን ክረምት በዝግ ቢሮ ሻጋታ ስለሚያወጣ ለዚህ አገር አይመረጥም።

ለእርጥብ አገር የሚሻለው ጀርባው መረብ፣ መቀመጫው ደህና ጨርቅ የሆነ ወንበር ነው። መረቡ አየር ያስገባል፣ ቶሎ ይደርቃል። መቀመጫውም መረብ ሲሆን ግን ርካሹ ዓይነት ይረግባል፤ ያን ጊዜ ፍሬሙ ጭን ይቆርጣል። ስፖንጁን በተመለከተ ውፍረቱ ማንንም አያታልል። በጡጫ ሲጫኑት ጣውላው የሚሰማ ከሆነ ሰውየው በዓመቱ ጣውላው ላይ ነው የሚቀመጠው።

ከጣውላው በታች የጋዝ ፒስተኑ አለ። ወንበር ተቀምጠውበት ሳለ ቀስ እያለ የሚወርደው የፒስተኑ ጎማ አልቆ ጋዙ ሲያመልጥ ነው። ውስጡ የታመቀ ናይትሮጅን ስላለ በያጅ ጋ ወስዶ መበየድም መብሳትም አደገኛ ነው፤ ሙሉውን መለወጥ ብቻ ነው ያለው። የአብዛኛው ወንበር ፒስተን ላይኛው ጫፍ 28 ሚሊ ሜትር፣ የታችኛው ቱቦ 50 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሆነ ከአንዱ ወንበር የወጣ ለሌላው ይገባል። ከዚህ ልክ የወጣ ወንበር ግን ፒስተኑ ሲሞት አብሮ ይሞታል። አንዳንዶች የውኃ ቧንቧ ላስቲክ ቆርጠው በፒስተኑ ዘንግ ዙሪያ ያለብሱታል፤ ወንበሩ አይወርድም፣ ከፍታውም ከዚያ በኋላ አይስተካከልም። ለአንድ ሰው ብቻ የሚያገለግል ወንበር ከሆነ መጥፎ ዘዴ አይደለም።

ዋስትናን ባለሙያው የሚያነበው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ታዋቂዎቹ ስሞች ረጅም ዋስትና ይሰጣሉ። ኸርማን ሚለር በ1994 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ያወጣው ኤሮን የተባለው ባለመረብ ወንበር የ12 ዓመት ዋስትና አለው፤ ቀንና ሌሊት ሲሠራበት የሚውለውንም ይሸፍናል። የኢኬያው ማርኩስ 10 ዓመት አለው። ይህ ግን ሁሉም ወንበር ቀንና ሌሊት ለመሥራት ይበቃል ማለት አይደለም። የቢሮ ወንበር የሚፈተንበት የአውሮፓ ደረጃ ኢኤን 1335 የሚያስበው በቀን ስምንት ሰዓት፣ እስከ 110 ኪሎ በሚመዝን ሰው መቀመጥን ነው። እንደ መቱ ካርል ሆስፒታል ባለ፣ ሠራተኛ በፈረቃ በሚተካካበት ቦታ አንድ ወንበር ሃያ አራቱንም ሰዓት ሊሠራ ይችላል። ለስምንት ሰዓት የታሰበ የሦስት ዓመት ዋስትና እዚያ የአንድ ዓመት ሥራ ነው።

ሱቅ ውስጥ የሚደረገው ንግግር ደግሞ አጭር ነው።

«ጋራንቲ አለው?»

«አንድ ዓመት አለው፣ ወንድሜ።»

«ምኑ?»

እዚህ ላይ ዝምታ ይመጣል። ፒስተኑ ነው? ኮከብ እግሩ ነው? ልጣጩስ? በብዙ የዋስትና ወረቀት ላይ ጨርቅና ስፖንጅ «በአገልግሎት ያለቀ» ተብለው ከመጀመሪያው ውጪ ናቸው። ማን ያጓጉዛል የሚለውም አለ። ከዳሪሙ አዲስ አበባ ድረስ ወንበር ጭኖ መላክና ማስመለስ ከአዲስ ፒስተን ዋጋ ሊበልጥ ስለሚችል፣ ወንበሩ ራሱ ይምጣ የሚል ዋስትና እዚህ ላለ ሰው ዋጋ የለውም። ክፍሉን እንልካለን የሚል ሻጭ ግን የስድስት ወር ዋስትና ቢሰጥም ይሻላል።

ሕጉ ራሱ የሚሰጠው ነገር አለ። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813፣ ለግሉ የገዛ ሸማች ዕቃው ጉድለት ካለበት በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። መሥሪያ ቤት ሲገዛ ደግሞ ግዥው የሚመራው በውሉና በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው፤ ሕጉም ገዢው ዕቃውን ሳይዘገይ እንዲመረምርና ጉድለቱን ለሻጩ እንዲያሳውቅ ያዛል። በጀት ሊዘጋ ሲል ተገዝቶ ካርቶኑ ሳይከፈት ስቶር ውስጥ ወራት የሚቆይ ወንበር ይህን መብት እያስበላ ነው። ሲገጣጠም ኮከብ እግሩ ተሰንጥቆ ቢገኝ ሻጩ ምን እንደሚመልስ መገመት አያስቸግርም።

በወረዳ ቢሮዎች የግዥ ስፔሲፊኬሽን የምታዘጋጁ ባለሙያዎች፣ «የማናጀር ወንበር፣ ጥቁር» ብላችሁ ከጻፋችሁ ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው የሚያመጣላችሁ ያንኑ የሚላጠውን ነው። በምትኩ ዝቅተኛው ከፍታ ከ42 ሴንቲ ሜትር የማይበልጥ፣ ጀርባው መረብ፣ መቀመጫው ጨርቅ፣ ጣውላው ኮምፔንሳቶ፣ ፒስተኑ የተለመደው ልክ ይሁን ብላችሁ ጻፉ። ለአሥር ወንበር ሁለት ትርፍ ፒስተንና አንድ ጥንድ ትርፍ ጎማ አብሮ እንዲቀርብ ጠይቁ፤ ዋስትናው የሚሸፍናቸውን ክፍሎችም ሻጩ በስም ዘርዝሮ ማኅተም ያድርግበት።