የወገብ ኤምአርአይ ውጤት፦ ወረቀቱ ምን ይላል? ምንስ አይልም?

በወገብ ሕመም ለሳምንታት የተሠቃየ ሰው የኤምአርአይ ምርመራ ሲያደርግ፣ ከፊልሙ ጋር በእንግሊዝኛ የተጻፈ ወረቀት ይሰጠዋል። በወረቀቱ ላይ "ዲስክ በልጅ"፣ "ሄርኒየሽን" እና "ነርቭ ሩት ኮምፕሬሽን" የሚሉ ቃላት ሲነበቡለት ብዙ ጊዜ ይደነግጣል። "ዲስኬ ከቦታው ወጥቷል፤ ከእንግዲህ እርሻም ሸክምም አይሆንልኝም" ብሎ የሚደመድምም አለ። ሆኖም ወረቀቱ የሚያሳየው የአካሉን ቅርጽ እንጂ የሕመሙን መጠን አይደለም። ትርጉም የሚያገኘውም ታማሚው ከሚሰማው ስሜትና ሐኪሙ በእጁ ከሚያደርገው ምርመራ ጋር ሲገናዘብ ነው።

የወገብ አከርካሪ አምስት አጥንቶች አሉት። ከላይ ወደ ታች ኤል1፣ ኤል2 እየተባሉ እስከ ኤል5 ይቆጠራሉ፤ ከኤል5 በታች ያለው ኤስ1 ይባላል። በየሁለቱ አጥንቶች መካከል ዲስክ አለ። ዲስክ ውጩ ጠንካራ ቀለበት፣ ውስጡ ደግሞ ለስላሳ የሆነ ትራስ ነው። ወረቀቱ "ኤል4-ኤል5" ሲል በአራተኛውና በአምስተኛው አጥንት መካከል ያለውን ዲስክ ማለቱ ነው። ከዲስኮቹ ኋላ ወደ እግር የሚወርዱ የነርቭ ሥሮች ያልፋሉ።

"በልጅ" ማለት ዲስኩ ዙሪያውን ወደ ውጭ ለጠጥ ማለቱ ነው። አየሩ የቀነሰ ጎማ ክብደት ሲያርፍበት ወደ ጎን እንደሚለጠጠው ማለት ነው። ቀለበቱ አልተቀደደም፤ ከውስጥም የወጣ ነገር የለም። "ሄርኒየሽን" ግን ከዚህ ይለያል። የጆንያ ስፌት በአንድ በኩል ሲላላ እህሉ በዚያ በኩል እንደሚገፋ ሁሉ፣ የዲስኩ የውስጥ ክፍል በአንድ ቦታ ገፍቶ ይወጣል። የወጣው ክፍል ሥሩ ሰፊ፣ ጫፉ ጠባብ ከሆነ "ፕሮትሩዥን" ይባላል። ሥሩ ጠቦ ጫፉ ከሰፋ ደግሞ "ኤክስትሩዥን" ይባላል። "ኮምፕሬሽን" የሚለው ቃል የወጣው ክፍል የነርቩን ሥር መጫኑን ይገልጻል። ዲስኩ ነርቩን ነክቶት ብቻ ከሆነ ግን ወረቀቱ "ኮንታክት" ይላል። በመንካትና በመጫን መካከል ያለው ልዩነት ትልቅ ነው።

ይህን በአንድ ምሳሌ እንመልከት። አንድ የ45 ዓመት አርሶ አደር የእህል ጆንያ ሲያነሳ ወገቡን ያዘው እንበል። ከቀናት በኋላ የወገቡ ሕመም ቀለል ሲል፣ ከግራ መቀመጫው ተነስቶ በጭኑና በባቱ የውጭ ጎን እስከ አውራ ጣቱ የሚነዝር ሕመም ጀመረው። ሲያስነጥስና ሲያስል ይብስበታል። የኤምአርአይ ወረቀቱ ሦስት ነገሮችን ዘርዝሯል። በኤል3-ኤል4 በልጅ አለ። በኤል4-ኤል5 በግራ በኩል ፕሮትሩዥን ኖሮ የግራውን የኤል5 ነርቭ ሥር ተጭኖታል። በኤል5-ኤስ1 ደግሞ ሌላ በልጅ የቀኙን የኤስ1 ነርቭ ነክቶታል።

አርሶ አደሩ ሦስት በሽታ እንዳለበት ሊያስብ ይችላል። ሐኪሙ ግን "ሕመሙን ከእነዚህ የትኛው ያብራራዋል?" ብሎ ይጠይቃል። የኤል5 ነርቭ ሲጫን ሕመሙና መደንዘዙ በባት የውጭ ጎን ወርዶ እስከ እግር የላይኛው ገጽና አውራ ጣት ይደርሳል፤ አውራ ጣትን ወደ ላይ ማንሳትም ሊያዳግት ይችላል። የኤስ1 ነርቭ ሲጫን ግን ሕመሙ በባት የኋላ ክፍል ወደ ተረከዝና ወደ ትንሿ ጣት ይሄዳል፤ በጣት ጫፍ መቆምም ያስቸግራል። የአርሶ አደሩ ስሜት ከግራው ኤል5 ጋር ይገጥማል። ሐኪሙ በጀርባው አስተኝቶ የግራ እግሩን ቀጥ እንዳለ ወደ ላይ ሲያነሳው ያው ሕመም ከተቀሰቀሰ ጥርጣሬው ይጠናከራል። በቀኝ እግሩ ምንም ስለማይሰማው የቀኙ ኤስ1 መነካት አሁን የሚታከም ነገር አይደለም። የኤል3-ኤል4 በልጅም እንዲሁ።

እንዲህ ያለ ለውጥ ምንም ሕመም በሌላቸው ሰዎች ላይም ይታያል። የወገብ ሕመም የሌላቸውን ሰዎች ምስሎች የመረመሩ ጥናቶችን አሰባስቦ በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ ትንተና እንዳሳየው፣ በ40 ዓመት ዕድሜ ላይ ካሉ ጤነኞች ግማሽ ያህሉ በልጅ አላቸው። ፕሮትሩዥንም ከሦስቱ በአንዱ ገደማ ተገኝቷል። ስለዚህ ሕመሙ ወገብ ላይ ብቻ ሆኖ ወደ እግር የማይወርድ ከሆነ፣ በወረቀቱ ላይ የተጻፈው በልጅ የሕመሙ ምክንያት ነው ብሎ መደምደም ያስቸግራል።

የወጣው የዲስክ ክፍል ብዙ ጊዜ እንደወጣ አይቀርም። ሰውነት እንደ ባዕድ ነገር ቆጥሮ ቀስ በቀስ ያሟሟዋል። አስፈሪ መስሎ የሚታየው ትልቁ ኤክስትሩዥን ከበልጅ ይልቅ የመሟሟት ዕድል አለው። በዚህም ምክንያት የአብዛኞቹ ታማሚዎች የእግር ሕመም ከ6 እስከ 12 ሳምንታት ባለው ጊዜ ውስጥ በግልጽ ይቀንሳል። በእነዚህ ሳምንታት ለረጅም ጊዜ አልጋ ላይ መዋል አይመከርም። በሚቻለው መጠን መራመድ፣ ጎንበስ ብሎ ከባድ ነገር ከማንሳት መቆጠብና ሐኪም ያዘዘውን ማስታገሻ መውሰድ በቂ ሊሆን ይችላል። ቀዶ ሕክምና የሚታሰበው የእግር ሕመሙ ከ6 ሳምንታት በላይ ሳይሻል ቆይቶ ምስሉና ምርመራው አንድ ነርቭን ሲያመለክቱ፣ ወይም የእግር ጡንቻ እየደከመ ሲሄድ ነው። ቀዶ ሕክምና ይበልጥ የሚያስታግሰው የእግርን ሕመም እንጂ የወገብን ሕመም አይደለም።

ቀጠሮ የማይጠብቁ ምልክቶችም አሉ። በኮርቻ ላይ ሲቀመጡ የሚነካው የሰውነት ክፍል ከደነዘዘ፣ ሽንት አልወጣ ካለ ወይም ሽንትና ሰገራ ሳይታወቅ ካመለጠ፣ ወይም ሁለቱም እግሮች ከደከሙ የነርቮቹ ጥቅል ተጭኗል ማለት ሊሆን ይችላል። በዚያው ዕለት ቀዶ ሕክምና ወደሚሰጥ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል፤ መዘግየቱ የማይመለስ ጉዳት ሊያስከትል ይችላል። የእግር መዳፍ ወደ ላይ አልነሳ ብሎ መሬት የሚጎተት ከሆነም በፍጥነት መታየት አለበት። እነዚህ ምልክቶች እያሉ ወገብን በኃይል ማሳሸት ወይም ማስጎተት ጉዳቱን ሊያባብስ ይችላል። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና የክብደት መቀነስ ከወገብ ሕመም ጋር ከተከሰቱ ደግሞ የአከርካሪ ነቀርሳን ጨምሮ ሌላ ምክንያት መፈለግ አለበት።

ወደ ሐኪም ሲሄዱ ወረቀቱን ብቻ ሳይሆን ፊልሙን ወይም ሲዲውንም ይያዙ። ሕመሙ ከየት ተነስቶ እስከ የትኛው ጣት እንደሚደርስ በእጅዎ ያሳዩ። ከዚያም ይህን አንድ ጥያቄ ይጠይቁ፦ "በወረቀቱ ላይ ከተጻፉት ውስጥ ከእኔ ሕመም ጋር የሚገጥመው የትኛው ነው?"